የመብራት ሂሳብን መመርመር፦ ስሌቱ ልክ ሆኖ እርከኑ ሲሳሳት

ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች በመቱ የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርት፤ የጽሑፍ ቅጂ



የዛሬው ርዕሰ ጉዳያችን በየወሩ ወደ ቤታችን የሚመጣው የመብራት ሂሳብ ነው። ብዙ ሰው ሂሳቡን ሲጠራጠር የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ካልኩሌተር አንሥቶ ማባዛት። የማባዛት ስሕተት ግን ሂሳቡን በማሽን በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት እምብዛም አይገኝም። ማሽኑ የተሰጠውን ቁጥር በተሰጠው ዋጋ በትክክል ያባዛል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው፣ ማባዛቱ ልክ፣ ቆጣሪውም ልክ ሆኖ ሳለ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከሚገባው በላይ የሚሆንበትን መንገድ ነው። ይህም የሚሆነው ፍጆታው በማይገባው እርከን ውስጥ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሦስት ጥያቄ ነው፦ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት? በስንት ቀን ውስጥ? በየትኛው እርከን?

ሰንጠረዡና የሚነበብበት መንገድ

በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለረጅም ዓመታት ሳይለወጥ የቆየውን ታሪፍ አሻሽሎ በአራት ዓመታዊ ደረጃዎች ከፍ ማድረግ ጀመረ። የመጨረሻው ደረጃ በ2014 ዓ.ም. ተደርሶ እስከ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ አገልግሏል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል፣ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ በሥራ ላይ ውሏል። ለዛሬው ትምህርት የ2014ቱን ሰንጠረዥ እወስዳለሁ። ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ስለሆነ ከአንድ ወር ሂሳብ ወደ ሌላው ስንሻገር ዋጋው አያወናብደንም። የምርመራው መንገድ ለዛሬውም ያው ነው፤ የሚለወጠው በሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ለመኖሪያ ቤት በኪሎ ዋት ሰዓት የተተመነው ዋጋ እንዲህ ነበር፦

እስከ 50፦ 0.2730 ብር
እስከ 100፦ 0.7670 ብር
እስከ 200፦ 1.6250 ብር
እስከ 300፦ 2.0000 ብር
እስከ 400፦ 2.2000 ብር
እስከ 500፦ 2.4050 ብር
ከ500 በላይ፦ 2.4810 ብር

በዚህ ላይ በድኅረ ክፍያ ለሚከፍል ደንበኛ ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለተጠቀመ 10 ብር፣ ከዚያ በላይ ለተጠቀመ 42 ብር።

አሁን ጥንቃቄ የሚሻው ነጥብ ይመጣል። እርከን ያለውን ታሪፍ ማንበብ የሚቻልበት መንገድ ሁለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ እያንዳንዱ የፍጆታ ክፍል በየራሱ ዋጋ ይሰላል፤ የመጀመሪያው 50 በመጀመሪያው ዋጋ፣ ቀጣዩ 50 በሁለተኛው ዋጋ እየተባለ ይቀጥላል። የደመወዝ ግብር የሚሰላው በዚህ ዓይነት ስለሆነ አብዛኞቻችን የለመድነው ይህን ነው። ከ2011 ዓ.ም. በፊት የነበረው የመብራት ታሪፍም እንዲሁ ነበር። በሁለተኛው መንገድ ግን ጠቅላላ ፍጆታው የደረሰበት እርከን ይታይና ከመጀመሪያዋ ኪሎ ዋት ሰዓት ጀምሮ ሁሉም በዚያ በአንዱ ዋጋ ይባዛል። ከ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የተሠራበት ይህ ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤት በወሩ 98 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቀመ እንበል። በመጀመሪያው መንገድ 50 በ0.2730 ሲባዛ 13.65፣ የቀረው 48 በ0.7670 ሲባዛ 36.82፣ በድምሩ 50.47 ብር ይሆናል። በሁለተኛው መንገድ 98 በሙሉ በ0.7670 ይባዛና 75.17 ብር ይሆናል። የ24 ብር ከ70 ሳንቲም ልዩነት አለ። በመጀመሪያው መንገድ አስልቶ ወደ ቢሮ የሚሄድ ደንበኛ «ተጭበረበርኩ» ይላል፤ ነገር ግን የተሳሳተው የእርሱ ንባብ ነው።

ይህን ለመለየት ሕግ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ አንድ ማካፈል ይበቃል። ከሂሳቡ ላይ የፍጆታውን ዋጋ ብቻ፣ ማለትም የአገልግሎት ክፍያውም ታክሱም ያልገባበትን፣ ውሰዱና ለኪሎ ዋት ሰዓቱ አካፍሉት። የሚገኘው ቁጥር በሰንጠረዡ ውስጥ ካሉት ዋጋዎች ከአንዱ ጋር ከገጠመ ሂሳቡ በሁለተኛው መንገድ ተሠርቷል። በሁለት ዋጋዎች መካከል ከወደቀ በመጀመሪያው መንገድ ተሠርቷል፣ ወይም ሁለት የተለያዩ ወቅቶች ዋጋ ተቀላቅሎበታል። በምሳሌያችን 75.17 ለ98 ሲካፈል 0.767 ይሰጣል፤ ሰንጠረዡ ውስጥ አለ። 50.47 ለ98 ሲካፈል ግን 0.515 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ዋጋ የለም። ዋጋው በየሦስት ወሩ በሚለወጥበት በአሁኑ ጊዜ ይኸው ማካፈል ሌላም ይነግረናል፤ የተባዛው በዚህኛው ሩብ ዓመት ዋጋ ይሁን ባለፈው ወይም በቀጣዩ ይለያል።

ስለ ሳንቲም ልዩነት አንድ ቃል ልጨምር። የታሪፉ ዋጋ እስከ አራት አኃዝ ስለሚወርድ እያንዳንዱ መስመር ሲጠጋጋ ቢበዛ የግማሽ ሳንቲም ለውጥ ያመጣል። ሦስት መስመር ባለው ሂሳብ ላይ የአንድ ሳንቲም ልዩነት የማጠጋጋት ውጤት ነው፤ አትከራከሩበት። አሥር ሳንቲም ግን ማጠጋጋት አያመጣውም፤ ምክንያት አለው።

በእርከኖቹ መካከል ያለው ገደል

ሁሉም ፍጆታ በአንድ ዋጋ የሚባዛ ከሆነ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው መሻገር ቁልቁለት ሳይሆን ገደል ነው። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤት 13.65 ብርና የ10 ብር የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ 23.65 ብር ይከፍላል። 51 የተጠቀመ ቤት 39.12 ብርና የ42 ብር የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ 81.12 ብር ይከፍላል። አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት 57 ብር ከ47 ሳንቲም አስወጣች ማለት ነው።

ከሁሉም ሰፊው ገደል ግን በ100 ላይ ያለው ነው። በዚህ ወሰን ላይ ዋጋው ከ0.7670 ወደ 1.6250 ይዘልላል፤ ይህም በመቶው ላይ ሲባዛ 85.80 ብር ነው። በ98 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፈለው ጠቅላላ ሂሳብ 117.17 ብር ሲሆን፣ በ102 ግን 207.75 ብር ይሆናል። በመካከላቸው ያለው አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት ከዚህ የሚበልጥ ይፈጃል። ከ200 በላይ ባሉት ወሰኖችም ገደል አለ፤ ይሁን እንጂ እዚያ የሚደርሰው ቤት ሂሳቡ ራሱ ትልቅ ስለሆነ ዝላዩ የአነስተኛ ተጠቃሚውን ያህል አያንገዳግደውም።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ፍጆታው በእርከኑ መካከል፣ ለምሳሌ በ75 ወይም በ150 አካባቢ የሆነ ቤት፣ በቆጣሪ ንባብ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ስሕተት ቢፈጠር የሚጎዳው በጥቂት ብር ነው። ፍጆታው ወሰን አጠገብ የሆነ ቤት ግን በዚያችው ስሕተት የሂሳቡን ግማሽ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሂሳባችሁን ስትመረምሩ አስቀድማችሁ «ከወሰኑ ምን ያህል እርቃለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሩቅ ከሆናችሁ ዕረፉ፤ ቅርብ ከሆናችሁ ወደ ንባቡና ወደ ቀኑ እለፉ።

ንባቡ

በሂሳቡ ላይ የቀድሞ ንባብና የአሁን ንባብ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ልዩነታቸው የወሩ ፍጆታ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ሰንሰለቱን ማየት ነው። የዚህ ወር የቀድሞ ንባብ ካለፈው ወር የአሁን ንባብ ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ካልገጠመ በመካከል ያለው ፍጆታ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል፣ አለዚያም አልተከፈለም። የቆጣሪውም መለያ ቁጥር ከግድግዳው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ተመልከቱ፤ ጎን ለጎን በተተከሉ ቆጣሪዎች መካከል መለዋወጥ ይኖራልና።

ሁለተኛው ምርመራ የተገለባበጡ አኃዞችን መፈለግ ነው። 4398 የሆነ ንባብ 4938 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲገለባበጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ እዚህ ልዩነቱ 540 ነው፣ ለ9 ሲካፈል 60 ይሆናል። ስለዚህ ቆጣሪያችሁ የሚያሳየው ከተጻፈው ጋር ካልተስማማና ልዩነቱ ለ9 ከተካፈለ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መገለባበጥን ይሁን። ለ9 መካፈሉ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ከዘጠኝ ቁጥሮች አንዱ በአጋጣሚም ይካፈላልና። ነገር ግን የት እንደምትፈልጉ ይጠቁማችኋል።

ሦስተኛው ስለ አሮጌዎቹ ባለ ዲስክ ቆጣሪዎች ነው። በብዙዎቹ ላይ የመጨረሻው አኃዝ በቀይ ተለይቶ ይታያል፤ እርሱም የኪሎ ዋት ሰዓት አሥረኛ ክፍል ነው። ያንን እንደ ሙሉ አኃዝ አብሮ ማንበብ ፍጆታውን በአሥር ያባዛዋል።

ቀኑ፦ ሳይሳሳቱ መሳሳት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ኢሉ አባቦር ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ከመቱ ወደ ጎሬ፣ ወደ ሁሩሙ፣ ወደ ያዮ፣ ወደ ቡሬ ስንወጣ ከዋናው መንገድ የራቁ ሰፈሮች በክረምት ለመድረስ ያስቸግራሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ወር ንባብ ሳይወሰድ ቢቀር ምን ይከሰታል?

ለማስረጃ ያዘጋጀሁትን ቤት እንከተል። ሰኔ መጨረሻ ቆጣሪው 4312 ላይ ነበር፤ ሐምሌ መጨረሻ 4398 ደረሰ፤ ነሐሴ መጨረሻ 4488 ሆነ። የሐምሌ ፍጆታ 86፣ የነሐሴ 90 ነው። ሁለቱም ከ100 በታች ናቸው። በየወሩ ቢነበብ ኖሮ የሐምሌው 107.96 ብር፣ የነሐሴው 111.03 ብር፣ በድምሩ 218.99 ብር ይከፈል ነበር።

የሐምሌ ንባብ ሳይወሰድ ቀረ እንበል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንባቢው መጥቶ 4488 ብሎ ጻፈ። ልዩነቱ 176 ነው። 176 ደግሞ በሦስተኛው እርከን ውስጥ ይወድቃል፤ በ1.6250 ሲባዛ 286 ብር ይሆናል። አንድ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ቢታከልበት 328 ብር፣ የሁለት ወር ቢታከልበት 370 ብር ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ቤቱ 109.01 ብር፣ በሁለተኛው 151.01 ብር ከሚገባው በላይ ከፍሏል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ የሐሰት ቁጥር የለም። ቆጣሪው ልክ ነው፣ ንባቡ ልክ ነው፣ ማባዛቱ ልክ ነው። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለወር የተሠራው እርከን ለሁለት ወር ፍጆታ መዋሉ።

«ታዲያ ለሐምሌ በግምት ቢጻፍስ?» የሚል ይኖራል። ግምት ችግሩን የሚፈታው ግምቱ ራሱ በትክክለኛው እርከን ውስጥ ከወደቀ ብቻ ነው። ለሐምሌ 40 ተብሎ ተገመተ እንበል። የሐምሌው ሂሳብ 10.92 ብርና 10 ብር፣ በድምሩ 20.92 ብር ይሆናል፤ ደንበኛውም ደስ ይለዋል። ነሐሴ ላይ ግን እውነተኛው ንባብ ሲወሰድ የቀረው 136 ነው። 136 በ1.6250 ሲባዛ 221፣ ከ42 ጋር 263 ብር። የሁለቱ ወር ድምር 283.92 ብር ሆነ፤ ከ218.99 በ64.93 ብር ይበልጣል። ጠቅላላው ኪሎ ዋት ሰዓት በሁለቱም መንገድ ያው 176 ነው። በመጀመሪያው ወር በርካሽነቱ ያስደሰተው ግምት በሁለተኛው ወር በእጥፍ ተከፈለበት። ስለዚህ ከወትሮው በጣም ያነሰ ሂሳብ ስታዩ የዚያኑ ዕለት ቆጣሪያችሁን ከንባቡ ጋር አስተያዩ፤ ጥያቄውን ለማንሣት ከሁሉ የሚመቸው ያ ቀን ነው።

ወር ሳይዘለልም ቀኑ ብቻ እርከን ሊያሻግር ይችላል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር በዚህ ረገድ ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 1 ያለው ጊዜ፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ 35 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 36። በቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በ30 ቀን 90 ይደርሳል፤ ሂሳቡም 111.03 ብር ነው። በ35 ቀን ግን 105 ይሆናል፤ በ1.6250 ሲባዛ 170.63 ብር፣ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 212.63 ብር። የአምስት ቀን ፍጆታ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሳለ ሂሳቡ በ101.60 ብር ጨመረ።

እንግዲህ የምርመራው ፍሬ ነገር ይህ ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያሉትን ቀናት ቁጠሩ። ፍጆታውን ለቀናቱ አካፍላችሁ የቀኑን አማካይ አግኙ፤ በ30 አባዙት። የተገኘው ቁጥር ሂሳቡ ከተሠራበት እርከን ጋር በአንድ እርከን ውስጥ ከሆነ ቀኑ አልጎዳችሁም፤ ጉዳዩን ተዉት። በዝቅተኛ እርከን ውስጥ ከወደቀ ግን የሚጠየቅ ጥያቄ አላችሁ። በሁለት ወሩ ምሳሌ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30 ያለው 60 ቀን ነው፤ 176 ለ60 ሲካፈል 2.93፣ በ30 ሲባዛ 88 ይሆናል። 88 በሁለተኛው እርከን ውስጥ ነው፤ ሂሳቡ ግን በሦስተኛው ተሠርቷል።

የዚህን መንገድ ወሰንም ማወቅ ያስፈልጋል። አማካይ የሚያስበው ፍጆታው በየቀኑ እኩል እንደሆነ አድርጎ ነው። ሠርግ፣ ለቅሶ ወይም የበዓል ድግስ የነበረበት ወር እንደ ሌላው ወር አይደለም። አማካዩ 88 ሲሆን አንደኛው ወር 70፣ ሁለተኛው 106 ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ሁለተኛው ወር በትክክል ሦስተኛ እርከን ውስጥ ገብቷል። ክርክሩን የሚቆርጠው አማካይ ሳይሆን ወሩ ባለቀበት ቀን የተወሰደ ንባብ ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ቆጣሪውን፣ መለያ ቁጥሩ አብሮ እንዲታይ አድርጋችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። አንባቢው ባልመጣበት ወር ያለችው ያቺ ፎቶ ብቻ ናት።

ታክሱ

የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወጣ ወዲህ የመብራት ሂሳብ ላይ የ15 በመቶ ታክስ መስመር መታየት ጀምሯል። ለመኖሪያ ቤት በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው ፍጆታ ከታክሱ ነፃ ተደርጓል። ስለዚህ ቤታችሁ ከዚህ በታች ተጠቅሞ የታክስ መስመር ካያችሁ ምናልባት የተመዘገባችሁበት የደንበኛ ዓይነት ከመኖሪያ ቤት ወደ ንግድ ተዛውሮ እንደሆነ መርምሩ። የተዘለለ ንባብ እዚህም ይጎዳል፤ በየወሩ 111 የሚጠቀም ቤት ከታክሱ ነፃ ሲሆን፣ ሁለት ወር ተደምሮ 222 ሲባል ወሰኑን ያልፋል።

ታክሱ በምን ላይ እንደተጣለ ለማወቅ ወደ ኋላ ማስላት ይጠቅማል፤ የታክሱን መጠን ለ0.15 አካፍሉት። ቁጥሩ ቀላል እንዲሆን ብቻ በያዝነው ሰንጠረዥ እንሥራው፤ ያ ሰንጠረዥ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ታክሱ አልነበረም። 222 ኪሎ ዋት ሰዓት በ2 ብር ሲባዛ 444 ብር ነው። የታክሱ መስመር 66.60 ከሆነ ለ0.15 ሲካፈል 444 ይሰጣል፤ የተጣለው በፍጆታው ዋጋ ሙሉ ላይ ነው። 72.90 ከሆነ 486 ይሰጣል፤ የአገልግሎት ክፍያው 42 ብርም ገብቶበታል። 6.60 ከሆነ 44 ይሰጣል፤ ይህ ከ200 በላይ ያለው የ22 ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ብቻ ነው። አንዲት ማካፈል ሂሳቡ የተሠራበትን ሐሳብ ገለጠችልን። ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮ ሄዶ «ታክሱ በዛብኝ» ከማለት ይልቅ «ታክሱ የተጣለው በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ መመሪያው የሚለው ይህንን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለመጀመሪያው አቤቱታ መልስ መስጠት ይከብዳል፤ ለሁለተኛው ግን አዎ ወይም አይደለም ማለት ይበቃል።

ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

*ተማሪ፦* መምህር፣ እኛ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። አከራያችን የሚያስከፍሉን ጓደኞቼ ብቻቸውን ባለ ቆጣሪ ሆነው ከሚከፍሉት በጣም ይበልጣል። በየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ አለ። ልንጠይቃቸው ይገባል?

*መልስ፦* መጠየቅ ይገባል፤ ከመጠርጠር በፊት ግን አስሉ። ትንንሾቹ ቆጣሪዎች 30፣ 45 እና 60 አነበቡ እንበል። ዋናው ቆጣሪ 135 ነው፤ በ1.6250 ሲባዛ 219.38 ብር፣ ከ42 ጋር 261.38 ብር። ሁሉም ፍጆታ በአንድ ዋጋ ስለተባዛ አከፋፈሉ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ፍጆታ በ1.6250 ያባዛል፣ የአገልግሎት ክፍያውን ለሦስት ተካፍሎ 14 ብር ይጨምራል። ባለ 30ው 62.75፣ ባለ 45ቱ 87.13፣ ባለ 60ው 111.50 ብር ይከፍላሉ። ድምሩ 261.38 ነው። ባለ 30ው የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው የሚከፍለው 18.19 ብር ብቻ ነበር። ስለዚህ የ44 ብር ከ56 ሳንቲም ልዩነቱን ያመጣው የአከራዩ ክፋት ሳይሆን ሦስት ቤተሰብ እንደ አንድ ቤት መቆጠሩ ነው። አከራዩን የምትጠይቋቸው ዋናውን ሂሳብ እንዲያሳዩአችሁ ነው። ከእናንተ የተሰበሰበው ድምር ከሂሳቡ ጋር ከገጠመ በመካከላችሁ ጠብ የሚያስነሣ ነገር የለም፤ መፍትሔው እያንዳንዱ በስሙ ቆጣሪ እንዲያስገባ መጠየቅ ነው። የሦስቱ ትንንሽ ቆጣሪዎች ድምር ከዋናው በጥቂቱ ቢያንስም የግቢውን የጋራ አምፖልና የሽቦውን ብክነት አስቡ።

*ጠያቂ፦* ዶክተር፣ የተጋነነ ሂሳብ ሲመጣ በቴሌብር ወይም በባንክ ከመክፈላችን በፊት ነው የምናመለክተው ወይስ ከፍለን?

*መልስ፦* ጊዜው ሳያልፍ ቀድሞ ማመልከት ይሻላል፤ ቀርባችሁ ስትነጋገሩ የሚሰጣችሁን መልስ ይዛችሁ ትወስናላችሁ። በእጃችሁ መኖር ያለበት አራት ነገር ነው፦ የዚህ ወርና ያለፈው ወር ሂሳብ፣ የቆጣሪው ፎቶ ከነቀኑ፣ የደንበኛ መለያ ቁጥራችሁና በግማሽ ገጽ የተጻፈ ስሌት። ስሌቱ ላይ የቀናቱን ብዛት፣ የቀኑን አማካይ፣ የሚገባውን እርከንና የተከፈለበትን እርከን ጻፉ፤ የብሩን ልዩነት በመጨረሻ አስቀምጡ። የጥያቄያችሁም ቃል የተለየ ይሁን። ንባብ ተዘልሎ ከሆነ የምትጠይቁት «ሂሳቡ ይቀነስልኝ» ሳይሆን «ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ እንደገና ይሠራልኝ» ነው። ያኔ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ማየት ያለበት ሁለት ቀንና ሁለት ንባብ ብቻ ይሆናል።